ፑል ሪኩዌስት ላይ ምን ይጻፍ?

«ኮድ ሪቪው ገና መጀመራችን ነው። ዲስክሪፕሽኑ "ባግ ተስተካክሏል" ብቻ ነው፣ ሪቪወሩም ዝም ብሎ አፕሩቭ ያደርጋል። ምን ይሻላል?»

ይህን `.github/pull_request_template.md` ብለህ ዋናው ብራንች ላይ አስገባው። አዲስ ፑል ሪኩዌስት ሲከፈት ጊትሃብ ራሱ ያመጣዋል።

```
## ለምን?
## እንዴት ተሞከረ?
## ሪቪወር
- [ ] ብራንቹን አውርጄ ሞክሬዋለሁ
- [ ] ለውጡ ከኮዱ ቢነሳ የሚወድቅ ቴስት አለ
```

«ለምን» ስር ኮዱ የማይናገረውን ጻፉ፦ «ተጠቃሚው "ክፈል"ን ሁለቴ ሲጫን ሁለት ትዕዛዝ ይመዘገብ ነበር። አሁን ሁለቱም ጥያቄዎች አንድ መለያ ስለሚይዙ ሁለተኛው አዲስ ትዕዛዝ አይፈጥርም።»

አሞካከሩ ደግሞ ሪቪወሩ ሊደግመው የሚችል ይሁን፦ «ብራውዘሩ ላይ ኔትወርኩን አዘግይ፣ ቶሎ ቶሎ ሁለቴ ተጫን። አንድ ትዕዛዝ ብቻ መታየት አለበት።»

አደራ፣ ዝርዝሩን አታስረዝሙት። እንዳየሁት ከሆነ ሲረዝም ሰው ሳያነብ ሁሉንም ቲክ ያደርጋል። የፎርማት ጉዳይን ለሊንተር ተዉለት።