ቤት የሚታየው ማታ ነው

የጎረቤቴ ልጅ ድሬዳዋ ሥራ አግኝታለች። ባለፈው ሰሞን መጥታ «ጋሼ፣ ቬንትሌተሩን ከዚሁ ይዤ ልሂድ?» አለችኝ። የዛሬ ልጆች ነገሩ ሁሉ ዕቃ በመግዛት የሚያልቅ ይመስላችኋል። ለእኛ ለማርቆስ ሰዎች ሙቀት ማለት ዓባይ በረሃን በአውቶቡስ ስናቋርጥ የምንቀምሳት ናት። እኔ ግን ጥያቄዋ የቆየ ቁጭቴን ቀሰቀሰብኝ።

በወጣትነቴ ቀያሽ ሆኜ እዚያው ድሬ ተመድቤ ነበር። ባለቤቴና አራስ ልጃችንም አብረውኝ ነበሩ። ደላላው ቤቱን ያሳየን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ የለውም። ያኔ ቤቱ ቀዝቃዛ ነበር፤ ወደድነው።

ግንቦት ሲገባ ጉዱ ታየ። የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ወደ ምዕራብ ነው። የከሰዓቱ ፀሐይ ሲመታው ይውላል። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እጄን ባሳርፍበት እንደ ምጣድ ያቃጥላል። ቬንትሌተሩ ያንኑ ትኩስ አየር መልሶ ይነፋብናል። የልጁ አንገትና ብብት በሽፍታ ተሞላ። በረንዳ ላይ አጎበር ሰቅለን ሞከርነው፤ አልሆነም። ባለቤቴ ልጁን ይዛ ማርቆስ ተመለሰች። ልጄ መራመድ ሲጀምር አላየሁትም።

ነገሩን በኋላ ያስረዳኝ የሠፈሩ አናጺ ነው። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቀን ያነድዳል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ቶሎ ይበርዳል። ብሎኬት ሙቀቱን ቀስ ብሎ ይውጥና ሰዓታት ቆይቶ ወደ ውስጥ ይተፋዋል። ቀን ቢሮ ለሚውል ሰው የሚከፋው ጣራው ሳይሆን ይሄ ግድግዳ ነው። ስለዚህ ቤት ስታዩ ማታ ሂዱ፤ የመኝታ ቤቱን ግድግዳ በመዳፋችሁ ዳብሱት። ከሞቀ ተዉት። ወይም በምዕራብ በኩል ዛፍ ያለበትን ፈልጉ። እኔ በመጨረሻ ከዚራ ሠፈር፣ ዛፍ ሥር ያለ ወፍራም ግድግዳ ያለው አሮጌ ቤት አገኘሁ። ምን ዋጋ አለው፣ ሰዎቼ ሄደዋል።

የደጋ ሰው ደግሞ እኩለ ቀን ላይ «አየር ይግባ» ብሎ መስኮት ይከፍታል። በዚያ ሰዓት ከውጭ የሚገባው አየር ከቤቱ የባሰ ነው። ረፋድ ላይ ዝጉ፣ መጋረጃውን አውርዱ፤ ማታ ውጭው ሲበርድ በሁለት በኩል ክፈቱ።

ሥራችሁን በጠዋት ጀምሩ። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድሬ ራሷ ታሸልባለች፤ እኔ መጀመሪያ ስንፍና መስሎኝ ነበር። ሰውነት ሙቀቱን እስኪለምድ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ በእነዚያ ቀናት ጀግና አትሁኑ።

ልብስ ላይ ብዙ አልልም። ያ ላብ የማይመጥ የፖሊስተር ማሊያችሁ ይቅር። ቤት ውስጥ ሽርጥ፣ ውጭ ሰፋ ያለ የጥጥ ሸሚዝ ይበቃል። ጋቢ ግን ያዙ፤ አውቶቡሱ ማርቆስን ለቆ የሚወጣው ሌሊት ነው።