ያው 7,000 ዶላር፣ የተለያየ አካውንት

አሜሪካ ያለነው ሐበሾች ስለ ኢንቨስትመንት ስናወራ ጥያቄው ሁሌ "የቱን አክሲዮን ልግዛ?" ነው። በየትኛው አካውንት፣ ታክሱስ መቼ ይከፈላል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙም አላየሁም። ልዩነቱን በቁጥር ላሳያችሁ።

ሦስት ሰዎች እንውሰድ። እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ 7,000 ዶላር አስገቡ፣ ለ30 ዓመት ተዉት፣ በየዓመቱም 7 ከመቶ አተረፉ እንበል። ገበያ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ለስሌት እንዲመቸን ነው።

የመጀመሪያው ተራ የኢንቨስትመንት አካውንት አለው፤ በስልኩ ይገዛል፣ ትንሽ ቆይቶ ይሸጣል፣ ሌላ ይገዛል። አንድ ዓመት ወይም ከዚያ ያነሰ ቆይቶ የተሸጠ ነገር ትርፉ የሚታየው እንደ ደሞዝ ነው። ሰውየው 22 ከመቶ የሚከፍል ከሆነ ከ7ቱ የሚቀረው 5.46 ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ 34,500 ዶላር ገደማ ይኖረዋል። (የባንክ ወለድም እዚሁ ነው የሚመደበው፤ ባታወጡትም በየዓመቱ ታክስ አለበት።)

ሁለተኛዋ በዚያው ዓይነት አካውንት ኢንዴክስ ፈንድ፣ ማለትም የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን ባንዴ የያዘ ፈንድ፣ ገዝታ አልነካችውም። ገንዘቡ 53,300 ይደርሳል። ስትሸጥ ከትርፉ 15 ከመቶ፣ ማለትም 6,900 ገደማ ከፍላ 46,300 ይዛ ትወጣለች። በየመሃሉ የሚከፈላት ዲቪደንድ ታክስ ስለሚቆረጥበት በእውነቱ ከዚህ ትንሽ ያንሳል።

ሦስተኛው ሮዝ አይ አር ኤ ውስጥ ያንኑ ፈንድ ገዛ፤ ይህ ታክሱ አስቀድሞ የተከፈለበት ገንዘብ የሚገባበት፣ በጡረታ ጊዜ ሲወጣ ግን ትርፉም ታክስ የሌለበት አካውንት ነው። 53,300ው ሙሉ በሙሉ የሱ ነው።

የመጀመሪያው ሰውዬ የተጎዳው 22 ስለከፈለ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እሱም እንደ ሁለተኛዋ 15 ከመቶ ቢከፍል፣ ግን በየዓመቱ ቢሆን፣ የሚደርሰው 39,600 ላይ ነው። መጠኑ እኩል ሆኖ 6,700 ዶላር ያህል የጠፋው ቶሎ ስለተከፈለ ነው። ዛሬ ለመንግሥት የሄደው ዶላር ነገ አያተርፍም፤ ያልተከፈለው ታክስ ግን እስክትሸጡ ድረስ ለእናንተ ይሠራል።

ገቢያችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ ደግሞ የሁለተኛዋ መንገድ ከምታስቡት በላይ ጥሩ ነው። በ2025 ታክስ የሚቆጠርበት ገቢያቸው ከ96,700 ዶላር ያልበለጠ፣ አብረው ፋይል የሚያደርጉ ባልና ሚስት ከዓመት በላይ ከቆየ አክሲዮን ትርፍ የሚከፍሉት የፌዴራል ታክስ ዜሮ ነበር። ትርፉ ራሱ ግን እዚያ ገቢ ውስጥ ይደመራል። የስቴቱ ሌላ ነው፤ ሜሪላንድ ያለ ይከፍላል፣ ቴክሳስ ያለ አይከፍልም።

"ሮዝ ታክስ የለውም፣ ከሥራ ቦታው የጡረታ አካውንት፣ ከ401ኬ ይሻላል" የሚሉም አሉ። ረጋ በሉ። ከደሞዛችሁ 1,000 ዶላር ወስዳችሁ 22 ከመቶ ታክስ ከፍላችሁ 780ውን ሮዝ ውስጥ ብታስገቡ በ30 ዓመት 5,900 ዶላር ገደማ ይሆናል። 1,000ውን ሳይነካ በመደበኛው 401ኬ አስገብታችሁ ስታወጡ 22 ብትከፍሉም ያው 5,900 ነው። ልዩነት የሚመጣው የዛሬውና የጡረታው መቶኛ ሲለያይ ነው፤ ዛሬ ገቢያችሁ ትንሽ ከሆነ ሮዝ፣ ዛሬ ብዙ ከሆነ መደበኛው። አሠሪያችሁ 401ኬ ላይ የሚጨምርላችሁ ነገር ካለ ግን እሱን ሳትወስዱ ወደ ሌላ አትሂዱ።

"ወደ አገሬ ልመለስ እችላለሁ፣ ገንዘቤ ይታሰራል" ለሚለው፦ ሮዝ ውስጥ በቀጥታ ያስገባችሁትን ዋናውን ገንዘብ ያለ ታክስና ያለ ቅጣት በፈለጋችሁ ጊዜ ማውጣት ትችላላችሁ። 59 ዓመት ተኩልና አምስት ዓመት መጠበቅ ያለበት ትርፉ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሮዝ ውስጥ ገንዘብ ማስገባትና ኢንቨስት ማድረግ ሁለት ሥራ ነው። አካውንታችሁን ከፍታችሁ እዩ፤ የሚታየው ካሽ ብቻ ከሆነ ምንም አልገዛችሁም።

ሌላው ለኡበርና ለታክሲ ሾፌሮች ነው። በ2025 ከ50 ዓመት በታች የሆነ ሰው ሮዝ ውስጥ ማስገባት የሚችለው ጣሪያ 7,000 ነበር፣ ነገር ግን ከዓመቱ የሥራ ገቢያችሁ በላይ ማስገባት አይቻልም። የሚቆጠረው ደግሞ እጃችሁ የገባው ገንዘብ አይደለም፤ የማይሉን፣ የጥገናውንና ሌላውን ወጪ ካስቀነሳችሁ በኋላ የቀረው ነው። ታክስ ለመቀነስ ብላችሁ ትርፋችሁን 4,000 አድርጋችሁ፣ ሌላ ደሞዝም ሳይኖራችሁ፣ 7,000 ካስገባችሁ ከተፈቀደው በላይ በገባው መዋጮ ላይ እስክታወጡት ድረስ በየዓመቱ 6 ከመቶ ቅጣት አለ። ስለዚህ መጀመሪያ ታክሳችሁን አሠሩ፣ ከዚያ አስገቡ። የአንድ ዓመቱን መዋጮ እስከ ቀጣዩ ዓመት አፕሪል 15 ድረስ ማስገባት ስለሚቻል ጊዜው ይበቃል።