የእህትዎ የደም ውጤት፦ ወረቀቱ የሚለውና ለሐኪም የሚተወው

«የእህቴ ውጤት ነው። 29 ዓመቷ ነው፣ አዲስ አበባ ነው የተመረመረችው።»

ይህን ብለው የውጤቷን ወረቀት ፎቶ ለጥፈው ምን ማለት እንደሆነ ጠይቀዋል። በቅድሚያ ፎቶውን ከለጠፉበት አንስተው ስሟንና የካርድ ቁጥሯን ሸፍነው ይመልሱት።

ይህ ሲቢሲ የሚባለው የደም ሴል ቆጠራ ነው። ዝቅ ማለትን የሚያሳየው L ብዙ ቦታ ስላለ ያስደነግጣል እንጂ፣ አብዛኞቹ የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር ነው። HGB 9.4 የሄሞግሎቢን መጠን ነው። እርጉዝ ያልሆነች አዋቂ ሴት ከ12 በታች ከሆነች ደም ማነስ አለባት ይባላል። ይህ 12 የወጣው ለቆላ ነው፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ሰውነት ሄሞግሎቢን ጨምሮ ስለሚሠራ፣ የእሷ ጉድለት ወረቀቱ ላይ ከሚታየው ይበልጣል።

MCV 73.4 የቀይ የደም ሴሎቿን መጠን ይነግረናል። የተለመደው ከ80 እስከ 100 ስለሆነ ሴሎቿ ትንንሽ ናቸው ማለት ነው። ቁጥሩ በስህተት እንዳልተጻፈ ራስዎ ማረጋገጥ ይችላሉ፤ በደሟ ውስጥ የቀይ ሴሎችን ድርሻ የሚያሳየውን HCT (30.1) ለቀይ ሴሎች ቁጥር፣ ለRBC (4.1)፣ ያካፍሉና በ10 ያባዙት፣ 73.4 ይመጣል። በእጅ በተገለበጠ ውጤት ላይ ይህ ስሌት ሳይገጥም ሲቀር አንዱ ቁጥር ተሳስቷል። RDW 18.2 ደግሞ የሴሎቹ መጠን እኩል አለመሆኑን ያሳያል። የHGB ማነስ፣ የMCV ማነስና የRDW መጨመር አንድ ላይ ሲመጡ አብዛኛውን ጊዜ የብረት እጥረት ነው። PLT 468 የፕሌትሌት ቁጥር ነው፤ እሱ ላይ ያለው፣ ከፍ ማለትን የሚያሳየው H ብረት ሲያንስ የሚታይ ጭማሪ ሊሆን ይችላል፤ በኋላ በድጋሚ ይመረመራል።

«አብዛኛውን ጊዜ» ያልኩት በምክንያት ነው። እንደ ቲቢ ያለ የቆየ ሕመምም ሴሎቹን ሊያሳንስ ይችላል። ለመለየት የሰውነትን የብረት ክምችት የሚያሳየው የፌሪቲን ምርመራ ይታዘዛል፤ እሱም ኢንፌክሽን ካለ ከፍ ስለሚል «ኖርማል» ተብሎ ቢመጣ እንኳ እጥረት የለም አያሰኝም። ይህን ማመዛዘን የሐኪሙ ሥራ ነው።

ብረቱ ለምን እንዳለቀ ግን ወረቀቱ አይናገርም። የበዛ የወር አበባ፣ የአንጀት ትል፣ የሚደማ የጨጓራ ቁስለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስትሄድ የወር አበባዋ ስንት ቀን እንደሚቆይና በቀን ስንት ሞዴስ እንደምትቀይር፣ ሰገራዋ ጠቁሮ እንደሆነ፣ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ትወስድ እንደሆነ፣ እርግዝና ይኖር እንደሆነ ለሐኪሙ ትንገር።

ከፋርማሲ ብረት ገዝታ ቀድማ አትጀምር። ብረት ራሱ ሰገራን ስለሚያጠቁር፣ ሐኪሙ የውስጥ መድማትን የሚጠረጥርበትን ምልክት ያደበዝዝበታል። መጠኑን፣ ለስንት ወር እንደሚወሰድና ደም መውሰድ ያስፈልግ እንደሆነ የሚወስነውም እሱ ነው።

ቁጭ ብላ ትንፋሽ የሚያጥራት፣ ደረቷን የሚያማት፣ ራሷን የምትስት ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ የሚወጣት ከሆነ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት።