ለ68 ዓመት እናት፦ ፕሮቲኑን ከቁርስ ጀምሮ ማከፋፈል

«እናቴ 68 ዓመቷ ነው፣ 60 ኪሎ። ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ምሳ ሽሮ፣ ማታ ሥጋ ትበላለች። ለምን እግሯ ሳሳ?»

መጀመሪያ ቁርሷን ቀይር። በቀን ከ60 እስከ 72 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋታል፤ በየማዕዱ ከ20 እስከ 24 ግራም መሆኑ ነው። በዕድሜ የገፋ ጡንቻ በትንሽ በትንሹ ሲደርሰው በደንብ አይነቃም፤ ሻይና ዳቦ ደግሞ ከጥቂት ግራም አያልፍም።

ሁለት የተቀቀለ እንቁላልና አንድ ብርጭቆ ወተት 20 ግራም ገደማ ይሆናል። የምሳው ሽሮ ቀጭን ከሆነ ብዙው ውኃ ነው፤ አወፍረውና አንድ ብርጭቆ እርጎ ጨምርላት፣ በጾም ደግሞ ወፍራም ምስር ወጥ። ማታ መዳፏን የሚያህል ሥጋ ይበቃል።

ምግቡ ብቻውን ጭኗን አይመልስም፤ በየቀኑ እጇን ሳትደገፍ ከወንበር አሥር ጊዜ ትነሳ።

አንድ ጥንቃቄ፦ ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለባት፣ ፕሮቲኑን ከመጨመርህ በፊት ኩላሊቷን አስመርምራት።