ፖሊስተር ሱሪ ካውያ ሲነካው ለምን ያብለጨልጫል?

«ጥቁር ፖሊስተር ሱሪዬን በተኮስኩ ቁጥር ኪሱና ስፌቱ ላይ ያብለጨልጫል። የጥጥ ሸሚዜ በዚያው ሙቀት ምንም አይሆንም። ለምን?»

ጥጥ አይቀልጥም። ሙቀት ሲበዛበት ቢጫ ይሆናል እንጂ እስከ 200 ዲግሪ ድረስ ይችላል። ፖሊስተር ግን ፕላስቲክ ነው። የሚቀልጠው ከ250 ዲግሪ በላይ ቢሆንም መለስለስ የሚጀምረው ከዚያ በጣም ቀደም ብሎ ነው። የለሰለሰው ክር በካውያው ጫና ይጨፈለቃል። ጠፍጣፋ ሲሆን ደግሞ ብርሃኑን እንደ መስታወት ይመልሳል። ስፌትና ኪስ ላይ የሚብሰው ጨርቁ እዚያ ስለሚደራረብና ጫናው ሁሉ ከፍ ባለው ቦታ ላይ ስለሚያርፍ ነው።

ሱሪውን ገልብጠህ ተኩሰው። ካውያው ከሁለት ነጥብ፣ ማለትም ከ150 ዲግሪ ግድም አይለፍ። የልብሱ መለያ ላይ ያለው አንድ ነጥብ ከሆነ 110 ይበቃዋል። እርጥብ የጥጥ ጨርቅ ደርብበትና ጫን እያደረግህ አንሳ፤ አትጎትት። ካውያው ያዝ ያዝ ካደረገህ ክሩ መቅለጥ ጀምሯልና ወዲያው አንሳው። ካውያ ቶሎ ስለማይበርድ እኔ ሁሌ ከፖሊስተሩ ጀምሬ ጥጡን መጨረሻ ላይ ነው የምተኩሰው።

የሱፍ ብልጭታ በእንፋሎት ሊለቅ ይችላል። የፖሊስተሩ ግን ክሩ ራሱ ቅርጹን ስለቀየረ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም።