የእናቴ ስልክ ሲጮህ ልቤ ይመታል

ጥያቄ፦ ከተጋባን ሦስት ዓመት ሆነን፤ እናቴ ግን ባሌን እስካሁን አልተቀበለችውም። እሑድ እሑድ ስትደውል እሱን አንድ ነገር ሳትል አትዘጋም። ስቶይኮች ስለሚባሉት የጥንት ግሪክና ሮም ፈላስፎች አንብቤ «በእጄ ያልሆነውን ልተወው» ብዬ ወስኜ ነበር። ግን ስልኩ ሲጮህ ልቤ ይመታል፤ ከዘጋሁም በኋላ ቀኑን ሙሉ ስብሰለሰል እውላለሁ። ምኑ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ እህቴ፣ የተሳሳትሽው መስመሩን ያሰመርሽበት ቦታ ላይ ነው። ብዙ ሰው የእናቱን ጠባይ «ከእጄ ውጪ» ይልና የራሱን ስሜት ግን በሙሉ «በእጄ» ከሚለው ጎን ይመድበዋል። ስቶይኮቹ እንዲህ አላሉም። በባርነት ኖሮ ነፃ የወጣው ኤፒክቴተስ «በእጃችን ነው» ያለው ፍርዳችንን፣ የምንፈልገውን፣ የምንሸሸውንና ለማድረግ የምንነሣበትን ነው። ሰውነትን ከንብረትና ከዝና ጋር ወዲያ ማዶ አስቀምጦታል። የልብ ምትሽም እዚያው ማዶ ነው። ሌላው ስቶይክ፣ ሮማዊው ሴኔካም ስለ ቁጣ ሲጽፍ፣ የመጀመሪያው መደንገጥ ሳንፈቅድለት ይመጣል፤ ቁጣ የሚሆነው አእምሮ «ተበድያለሁ» ብሎ ሲስማማበት ነው ይላል። ስለዚህ ልብሽ ይምታ። ልታስቆሚው ስትታገዪ ነው በጭንቀቱ ላይ ሌላ ጭንቀት የምትደርቢው።

አንቺ የምትገቢበት ከዚያ በኋላ ነው። እናትሽ «ያ ሰውዬሽ ዛሬም ቤት ተጎልቷል?» አሉ እንበል። ስልኩን እንደዘጋሽ ወረቀት ላይ መጀመሪያ ይህንኑ፣ ቃል ሳትጨምሪ ጻፊው። ከሥሩ አንቺ ያከልሽበትን ጻፊ፦ «እኔንም ባል መምረጥ የማታውቅ ብለው ንቀውኛል።» ቀኑን ሙሉ የሚያብሰለስልሽ ብዙውን ጊዜ ይኸኛው ነው። እውነት ሊሆን ይችላል፤ በጎ በጎውን አስቢ ማለቴ አይደለም። ግን አልተነገረሽም፤ የፈረድሽው አንቺ ነሽ፣ እንደገና ልታይው የምትችዪውም አንቺ ነሽ።

ሁለተኛው ስህተት ግቡ ላይ ነው። ሮማዊው ጸሐፊ ሲሴሮ የስቶይኮችን ሐሳብ ሲያስረዳ ቀስተኛን ምሳሌ ያደርጋል፦ ማነጣጠሩ የቀስተኛው ነው፣ ዒላማውን መምታቱ ግን አይደለም። «እማዬ ትቀበለው» ብለሽ ስልክ ካነሣሽ በየሳምንቱ ተሸንፈሽ ትዘጊያለሽ። ይልቅ «አንዲት ነገር ሳልቆጣ እናገራለሁ» ብለሽ አንሺው፦ «እማዬ፣ እሱን እንዲህ ስትይው ይከፋኛል። ከደገምሽው ዛሬ እዘጋዋለሁ፤ በሚቀጥለው እሑድ ግን እራሴ እደውላለሁ።» ከደገሙት ዝጊ፤ እሑድ ደውዪ። ብትዘጊና ሳትደውዪ ብትቀሪ ኩርፊያ ይሆናል፤ እሳቸውም የሚያስታውሱት ኩርፊያውን ነው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ራስሽን «አሁንስ ገባት ይሆን?» እያልሽ ድምፃቸውን ስታዳምጪ ካገኘሽው፣ ዓይንሽ ከቀስቱ ወደ ዒላማው ተመልሷል ማለት ነው። ይህ በሁሉም ላይ ይደርሳል። የዚያን ቀን ጥያቄሽ «ተናገርኩ ወይስ ዋጥኩት?» ብቻ ይሁን። መዋጥን መቀበል ነው ብለው የሚያስቡ አሉ፤ ስቶይኮች ግን ልጅነትንም ሚስትነትንም ሥራ የሚጠይቅ ኃላፊነት አድርገው ነው ያስተማሩት። ባልሽ ሲሰደብ ዝም ማለት ደግሞ በእጅሽ ያለውን መተው ነው።