በወር 3,000 ብር የሽሮ ገበያን ማስፋት

«ቤቴ ውስጥ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅቼ በሰው በሰው እሸጣለሁ። የምኖረው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ነው። ለማስታወቂያ በወር ከ3,000 ብር በላይ ማውጣት አልችልም። ቲክቶክ ልጀምር፣ ቴሌግራም ልክፈት ወይስ በራሪ ወረቀት ላሳትም? ብሩ በከንቱ አለመውጣቱንስ በምን አውቃለሁ?»

እኅቴ፣ እኔም በባልትና ሥራ ላይ ስለቆየሁ የምመክርዎ፣ መንገዱን ከመምረጥዎ በፊት አንድ አዲስ ደንበኛ ለማምጣት ቢበዛ ስንት ብር ማውጣት እንደሚችሉ እንዲያሰሉ ነው። ዋጋዎቹን በራስዎ ይተኳቸው፤ ለምሳሌ ያህል ግን አንድ ኪሎ ሽሮ በ300 ብር ይሸጣሉ፣ እህሉ፣ ቅመሙ፣ ማስፈጫውና ማሸጊያው ተደምሮ 220 ብር ይፈጃል እንበል። በእጅዎ የሚቀረው 80 ብር ነው። በ3,000 ብር 20 አዲስ ገዢዎች ቢያገኙ ለእያንዳንዱ 150 ብር አወጡ ማለት ነው፤ ሁሉም አንድ አንድ ኪሎ ገዝተው ቢቀሩ የሚያስገቡት 1,600 ብር ስለሆነ ከስረዋል። ከ20ዎቹ 10ሩ ተመልሰው በቀጣዮቹ ሁለት ወራት በየወሩ ሁለት ሁለት ኪሎ ቢገዙ ግን 3,200 ብር ይጨመርና ድምሩ 4,800 ይደርሳል፤ ወጪው ተቀንሶ 1,800 ብር ይተርፍዎታል። እንግዲህ ግብዎ ሁለት ቁጥር ብቻ ይሁን፦ በወር 20 አዲስ ገዢ፣ ከእነዚህም ውስጥ በ45 ቀን ውስጥ ተመልሰው የሚገዙ 10። አርባ አምስት ቀን ያልኩት አንድ ኪሎ ሽሮ በአንድ ቤት ውስጥ እስኪያልቅ ጊዜ ስለሚፈልግ ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት «አልተመለሱም» ብሎ መደምደም ያሳስታል።

የመንገዱ ምርጫ ከዚሁ ስሌት ይወጣል። ለአንድ ኪሎ ሽሮ ሞተረኛ ቢልኩ 80 ብሩ በመንገድ ላይ ያልቃል፤ ስለዚህ የሚፈልጉት ገዢ በእግር የሚደረስበት ነው። ቲክቶክ ቪዲዮዎን ለሐዋሳም ለዱባይም ሊያሳይልዎ ይችላል፤ «ምን ያምራል!» የሚለው አስተያየት ደስ ቢልም ሽሮውን አይገዛም። በራሪ ወረቀቱንም ቢተዉት ይሻላል፤ ሽሮ በወረቀት ላይ አይቀመስም።

እኔ ብሩን በሁለት ነገር ላይ አውለው ነበር። የመጀመሪያው መቅመሻ ነው። መቶ ግራም ሽሮ፣ ማለትም ለአንድ ቤተሰብ አንድ ጊዜ የሚበቃ፣ በትንሽ ከረጢት አሽገው ስልክዎንና የቴሌግራም ቻናልዎን አድራሻ የያዘ ስቲከር ይለጥፉበት። አንዷ ከረጢት ከነስቲከሯ 30 ብር ብትፈጅ 60ዎቹ 1,800 ብር ይሆናሉ። በአንድ ጊዜ አይበትኗቸው፤ በየሳምንቱ 15 ብቻ፣ ለዚያውም በአንድ ወይም በሁለት ብሎክ፣ እርስዎን የሚያውቅ ሰው እያስተዋወቀዎ ይስጡ። ሁለተኛው ማስታወሻ ነው፤ የቴሌግራም ቻናሉ አዲስ ሰው ከማምጣት ይልቅ የቀመሰውን መልሶ ለማምጣት ይጠቅማል። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ማክሰኞና ዓርብ ማታ፣ «ነገ ተፈጭቶ ይደርሳል፣ እስከ 3 ሰዓት ይዘዙ» ብለው ይለጥፉ። ትዕዛዙ በአንድ ቀን ሲሰበሰብ አንድ ልጅ በአንድ ዙር ያደርሰዋል፤ የቀረው 1,200 ብር ለእርሱ ክፍያ ይሁን።

ልኬቱ ደግሞ በደብተር ይሁን። ቀን፣ ስልክ፣ ስንት ኪሎ፣ «ከማን ሰሙ?» የሚለው መልስና የሁለተኛው ግዢ ቀን፣ አምስት ዓምድ ብቻ። ቴሌግራም ላይ Invite Links በሚለው ስር ለእያንዳንዱ ብሎክ የተለየ ሊንክ ፈጥረው በዚያ ብሎክ ስቲከር ላይ በኪውአር ኮድ ቢያትሙት፣ ከየትኛው ብሎክ ስንት ሰው እንደገባ ቻናሉ ራሱ ይቆጥርልዎታል። ዘመዶችና የሥራ ባልደረቦች የገዙትን ለብቻው ይጻፉ፤ የመጀመሪያውን ወር የሚያሳምሩት እነርሱ ናቸው፣ ማስታወቂያው ግን አላመጣቸውም።

ከወሩ በኋላ ደብተሩ ሁለት ዓይነት ችግር ያሳያል። አዲስ ገዢው ከ20 በጣም ካነሰ የሚቀየረው ቦታው ወይም መቅመሻውን የሚያስተዋውቅልዎ ሰው ነው። አዲሶቹ በቂ ሆነው በ45 ቀኑ ውስጥ ሳይመለሱ ከቀሩ ግን ተጨማሪ መቅመሻ መበተን ኪሳራውን ያበዛል፤ ለአምስቱ ደውለው ስለ ጨውና ቅመሙ፣ ስለ ልመቱና ስለ ሚዛኑ ይጠይቁ። «ጥሩ ነው» የሚል የይሉኝታ መልስ ስለሚመጣ «አሁን ከማን እየገዙ ነው?» የሚለው ጥያቄ ይበልጥ እውነቱን ያወጣል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፦ ሽሮ በዐቢይ ጾም ይፈለጋል፣ በፋሲካ ሰሞን ደግሞ ገዢው ወደ ዶሮ ወጥ በርበሬ ይዞራል። ስለዚህ ሙከራውን በጾሙ መካከል ጀምረው የበዓሉን ሳምንት እንደ ውድቀት አይቁጠሩት፤ በደብተሩም ለሽሮና ለበርበሬ የተለያየ ገጽ ይኑርዎት።